ገቢው ወጪ እንዳይሆን፦ ፎቶ የተነሳ የባንክ ስቴትመንት እንዴት ይተረጎማል?

እስራኤል ውስጥ ባንክ የሚሰጠው ታድፒስ፣ ማለትም የሂሳብ መግለጫ፣ በዕብራይስጥ ስለሚጻፍ ሠንጠረዡም የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። አምዶቹ የሚደረደሩበት ቅደም ተከተል ከባንክ ባንክ ሊለያይ ይችላል። በብዛት የሚታየው ግን ቀኝ ጫፍ ላይ ታአሪኽ፣ ቀጥሎ የእንቅስቃሴው ዝርዝር፣ ከዚያ አስማኽታ የሚባለው የማጣቀሻ ቁጥር፣ ከዚያ ሆቫ፣ ከዚያ ዝኹት፣ ግራ ጫፍ ላይ ደግሞ ይትራ የተጻፈበት ነው። ሆቫ ከሂሳቡ የወጣው፣ ዝኹት የገባው፣ ይትራ ቀሪው ነው። ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅ ይህን ለወላጆቹ በአማርኛ ማስቀመጥ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ ያነሳና የትርጉም መተግበሪያ ላይ ይጭነዋል። ቃላቱ ደህና ይተረጎማሉ። የሚበላሸው የገንዘቡ ነገር ነው።

ምክንያቱን ለማየት አንድ ረድፍ ብቻ ይበቃል። በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ከሆቫና ከዝኹት አንዱ ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ወጥቶም ገብቶም አያውቅም። አንባቢ 450.00 የሚለውን አይቶ «ይሄ ገባ» የሚለው ቁጥሩ ላይ የተለየ ምልክት ስላለ አይደለም፤ የተቀመጠበትን ቦታ አይቶ ነው። ከፎቶ ላይ ጽሑፍ የሚለቅም ፕሮግራም ግን የሚለቅመው ቀለም ያለበትን ነው። ባዶ ሳጥን ቀለም ስለሌለው አይለቀምም፤ በዝርዝሩና በቀሪው መካከል አንድ ቁጥር ብቻ ይቀራል፣ የየትኛው አምድ እንደነበረም የሚነግር ነገር አይኖርም። ለምሳሌ ያህል ያዘጋጀሁትን ይህን መግለጫ እንመልከት፤ አምዶቹ ጠፍተው፣ ቃላቱ ተተርጉመው፣ የማጣቀሻ ቁጥሩ ለአጭርነት ተትቶ ነው።

```
የዞረ ቀሪ 2,310.40
02/04/2025 አርኖና 612.30 1,698.10
09/04/2025 ደመወዝ 7,480.00 9,178.10
10/04/2025 የቤት ኪራይ 3,900.00 5,278.10
10/04/2025 የክሬዲት ካርድ 2,145.75 3,132.35
14/04/2025 ማስተላለፍ 450.00 3,582.35
22/04/2025 ሼክ 1,200.00 2,382.35
```

አርኖና የማዘጋጃ ቤት ግብር ስለሆነ መውጣቱ አያጠራጥርም፤ ደመወዝም ገቢ ነው። የሚያደናግሩት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ማስተላለፍ፣ በዕብራይስጡ ሃአቫራ፣ ሰው ልኮልህም አንተ ልከህም ሊሆን ይችላል። ሼክም እንዲሁ፤ ሰው ጽፎልህ ሂሳብህ ውስጥ ያስገባኸው ወይም አንተ ጽፈህ ሌላው የመነዘረው ነው። እዚህ ላይ በግምት መሙላት ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይገምታል፤ የሚቀጥለው አንባቢ ደግሞ ግምቱን ከወረቀቱ ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ደግነቱ የባንክ መግለጫ ራሱን የሚመሰክር ሠንጠረዥ ነው። ያለፈው ቀሪ ሲደመር ገቢ፣ ሲቀነስ ወጪ፣ አዲሱን ቀሪ መስጠት አለበት። ከ3,132.35 በኋላ ቀሪው 3,582.35 ስለሆነ 450 ገብቷል። ከዚያ ወደ 2,382.35 ስለወረደ የሼኩ 1,200 ወጥቷል። እንዲህ እየተባለ እያንዳንዱ ቁጥር ወደ ሳጥኑ ይመለሳል።

| ቀን | ዝርዝር | ወጪ | ገቢ | ቀሪ |
|---|---|---|---|---|
| 10/04/2025 | የክሬዲት ካርድ | 2,145.75 | — | 3,132.35 |
| 14/04/2025 | ማስተላለፍ | — | 450.00 | 3,582.35 |
| 22/04/2025 | ሼክ | 1,200.00 | — | 2,382.35 |

ባዶው ቦታ ላይ ሰረዝ እንጂ ዜሮ አለመጻፌ ሆን ተብሎ ነው። ዜሮ ባንኩ የጻፈው ቁጥር ይመስላል፤ ሰረዙ ግን ወረቀቱ ላይ ምንም እንዳልነበረ ይናገራል።

ረድፉ ሁለትና ሦስት ገጽ ሲሞላ በአእምሮ መደመር አይሆንም። ሠንጠረዡን ኤክሴል ላይ አስፍሮ፣ ወጪ በ`D`፣ ገቢ በ`E`፣ ቀሪ በ`F` አምድ ከሆነ፣ ሰረዙን ለጊዜው ባዶ ትቶ፣ ከጎኑ በሚከፈት አምድ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይህን መጻፍና ወደ ታች መሳብ ነው፦

```
=ROUND(F2-D3+E3-F3,2)
```

ሁሉም ዜሮ ከሆነ ደህና ነው። ዜሮ ያልሆነው ቁጥር ግን ስህተት አለ ከማለት አልፎ የስህተቱን ዓይነት ይጠቁማል፤ ይህን የሚያስተውል ሰው ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የ450ው ገቢ በስህተት ወጪ ሥር ቢገባ ልዩነቱ 450 ሳይሆን እጥፉ፣ 900፣ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ልዩነቱ የረድፉ ገንዘብ እጥፍ ከሆነ አምዱ ተለዋውጧል ማለት ነው። ልዩነቱ የሚታየው አንድ ረድፍ ላይ ብቻ ሆኖ እጥፍ ካልሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የወጪው ወይም የገቢው አንድ አሃዝ በስህተት ተነቧል፣ አለዚያም ከበላዩ አንድ ረድፍ ጠፍቷል። የተሳሳተው ቀሪው ከሆነ ደግሞ ሁለት ተከታታይ ረድፎች ይታመማሉ፤ 3,132.35 የሚለው 8,132.35 ተብሎ ቢነበብ የክሬዲት ካርዱ ረድፍ በ5,000 ይጎድላል፣ ቀጣዩ በ5,000 ይተርፋል። 3 እና 8 ደብዛዛ ፎቶ ላይ አይለዩምና ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህን የመሰለ ጥንድ ልዩነት ሌላ ምንጭም አለው፤ ሁለት ጎረቤት ረድፎች ገንዘባቸውን ሲለዋወጡ ነው። የኪራዩ 3,900 ከካርዱ 2,145.75 ጋር ቢለዋወጥ አንዱ በ1,754.25 ይተርፋል፣ ሌላው በዚያው ልክ ይጎድላል። የሚለዩት በቁጥሩ መልክ ነው። አንድ አሃዝ ሲሳሳት ልዩነቱ እንደ 5,000 ወይም 0.30 ያለ ነጠላ አሃዝ ነው፤ ሲለዋወጡ ግን የሁለቱ ገንዘቦች ልዩነት ቁጭ ብሎ ይገኛል።

ረድፎች የሚለዋወጡት ፎቶው ሲዘም ነው። በኤ4 ወረቀት ላይ ከቀኑ እስከ ቀሪው 17 ሳንቲሜትር ያህል ቢኖር፣ በረድፍና በረድፍ መካከል ደግሞ 5 ሚሊሜትር ቢሆን፣ መስመሩ ጫፍ እስኪደርስ ከ2.5 ሚሊሜትር ትንሽ አልፎ ከወረደ ቁጥሩ ለታችኛው ረድፍ የቀረበ ይሆናል። ይህ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ መዝመም ነው፤ በእጅ ይዞ የሚያነሳ ሰው አያየውም። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ እጥፋቱን ተጭኖ፣ ስልኩን ትክክል ከበላዩ አድርጎ ገጽ በገጽ ማንሳት ያለው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ስልኮች ላይ ያለው ሰነድ የሚያነሳ ስካነር የወረቀቱን አራት ማዕዘን አግኝቶ ስለሚያቃና ከተራ ካሜራ ይሻላል፤ የታጠፈና የተጨማደደ ወረቀትን ግን እሱም ሙሉ በሙሉ አያቃናም።

ረጅም ዝርዝርም ረድፍ ያባዛል። «ቋሚ ትእዛዝ፣ የቤት ኪራይ» የሚል ጽሑፍ ከሳጥኑ ሲተርፍ ወደ ታች ይወርድና ሁለተኛው መስመር ቀንም ገንዘብም የሌለው ረድፍ መስሎ ይቀመጣል። ቀን የሌለው መስመር በአብዛኛው የበላዩ ቅጥያ ነው፣ ከዚያው ጋር ይጣመር።

አሁን ወደ አቅጣጫው እንምጣ። አማርኛ ከግራ ስለሚጀምር ሠንጠረዡ መገልበጥ አለበት፤ ቀን ወደ ግራ፣ ቀሪ ወደ ቀኝ። የሚገለበጠው ግን የአምዱ ቦታ ነው እንጂ ቁጥሩ አይደለም፤ 7,480.00 በዕብራይስጥም የሚጻፈው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። አደገኛው ርዕሶቹን ገልብጦ ይዘቱን እንዳለ መተው ነው። ቀን ከቀሪ ሥር ከገባ ማንም ያየዋል፣ ያስተካክለዋልም። ጫፎቹን ካስተካከለ በኋላ ግን መሀል ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት ወጪና ገቢ እንደተለዋወጡ ይቀራሉ፤ ሁለቱም የገንዘብ አምድ ስለሆኑ ዓይን አይቆረቁሩም። እንዲህ ሲሆን የማረጋገጫው አምድ በሁሉም ረድፍ ላይ እጥፍ ልዩነት ያሳያል።

ከባንኩ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ላይ የተወሰደ ፎቶ ሲሆን ሌላ ነገር ይታያል። እዚያ ብዙ ጊዜ አዲሱ እንቅስቃሴ ከላይ ነው፤ ያለፈው ቀሪ የሚገኘው ከሥር ካለው ረድፍ ነው። ቀመሩን ሁለተኛው ረድፍ ላይ `=ROUND(F3-D2+E2-F2,2)` ብሎ መገልበጥ እንጂ ረድፎቹን ማገላበጥ አያስፈልግም፤ ትርጉሙ ከፎቶው ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ ረድፍ ለረድፍ መገጣጠም አለበት።

ሂሳቡ ከዜሮ በታች ሲወርድ የሚመጣውን የመቀነስ ምልክትም ልብ ማለት ያሻል። በአንዳንድ የዕብራይስጥ ህትመቶች ላይ ከቁጥሩ በስተቀኝ፣ `340.00-` ተብሎ ይቀመጣል፤ ለቃሚው ፕሮግራም ተራ ሰረዝ ወይም ቆሻሻ መስሎት ይጥለዋል። ያኔ ዕዳ ተቀማጭ ሆኖ ይተረጎማል። እዚህም ጥንድ ልዩነት ይታያል፣ መጠኑም የቀሪው እጥፍ፣ 680፣ ነው።

ቀኑን በተመለከተ የእኔ ምርጫ እንዳለ መተው ነው። 03/04/2025 እስራኤል ውስጥ ኤፕሪል 3 ነው እንጂ ማርች 4 አይደለም። ለወላጅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 25 ቀን 2017 ብሎ ማስረዳት ጥሩ ነው፤ ግን የቀን ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን በተጨማሪ አምድ ወይም ከሥር ይጻፍ። የማጣቀሻና የሂሳብ ቁጥርም አይነኩም። ባንክ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው የሚያሳየው እነሱን ነው።

ቀሪ አምድ የሌለው ሰነድ፣ ለምሳሌ የዕቃ ደረሰኝ፣ ሌላ ምስክር ይፈልጋል። ብዛት ሲባዛ የአንዱ ዋጋ የረድፉን ድምር፣ ረድፎቹ ተደምረው ጠቅላላውን መስጠት አለባቸው። ከዚያ የተጨማሪ እሴት ታክሱ ይመጣል፤ እስራኤል ውስጥ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ነው፣ ከዚያ በፊት 17 ነበር። የ2024 ደረሰኝ በ18 ሲሰላ አልገጥም ቢል ጥፋቱ የፎቶው አይደለም።

ይህ ሁሉ ስሌት የማይደርስበት ቦታ አለ፤ ቀኑ፣ ዝርዝሩና የማጣቀሻ ቁጥሩ ናቸው። ገንዘቡና ቀሪው በትክክል ተቀምጠው «ማስተላለፍ» እና «ሼክ» የሚሉት ቃላት ብቻ ቢለዋወጡ ሁሉም ረድፍ ዜሮ ያሳያል። ስለዚህ ሂሳቡ ከገጠመ በኋላ አንድ ሰው ዋናውን ወረቀት ይዞ ቀን፣ ዝርዝርና የማጣቀሻ ቁጥር ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ትርጉሙ ላይ በጣቱ ይከተል። በዚህ ንባብ ገንዘቡን መድገም አያስፈልግም፤ እሱ ተረጋግጧል። ማስመሪያ ከረድፉ ሥር አድርጎ መስመር በመስመር መውረድ ብቻ ነው።