ከመጽሐፍ ትእዛዝ ወደ ወረቀት ግዥ፦ የግብዓት ፍላጎት ዕቅድ አሠራርና ገደቡ

በአራዳ ክፍለ ከተማ ያለው የኅትመት ሥራ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከተቋቋመበት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ታሪክ አለው። በፒያሳና በአራት ኪሎ ዙሪያም በርካታ አነስተኛ ማተሚያ ቤቶች ሲሠሩ ቆይተዋል። ለእነዚህ ድርጅቶች የዘወትር ጥያቄ የሆነው ምን ያህል ወረቀት፣ መቼ ይገዛ የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ የግብዓት ፍላጎት ዕቅድ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥበትን ስሌት፣ መልሱም የማይታመንበትን ሁኔታ በአንድ ምሳሌ ያብራራል። በምሳሌው ያሉት አኃዞች ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው።

ጆሴፍ ኦርሊኪ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የዘዴውን መሠረት በአንድ ልዩነት ላይ አኑሯል። የመጽሐፍ ፍላጎት ከደንበኛ የሚመጣ በመሆኑ ይተነበያል ወይም በትእዛዝ ይታወቃል፤ የወረቀት ፍላጎት ግን ከመጽሐፉ የሚመነጭ በመሆኑ ይሰላል እንጂ አይተነበይም። ስሌቱ ሦስት መረጃዎችን ይፈልጋል፤ እነርሱም የግብዓት ዝርዝር፣ የክምችት መጠንና የማስረከቢያ ጊዜ ናቸው።

ባለ160 ገጽ፣ በኤ5 መጠን የሚታተም መጽሐፍ 2,000 ቅጂ ታዘዘ እንበል። 61 በ86 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሉክ ወረቀት በሁለቱም ገጽታው 32 ገጽ ስለሚይዝ የግብዓት ዝርዝሩ ለአንድ ቅጂ 5 ሉክ ይላል። ለ2,000 ቅጂ 10,000 ሉክ፣ ከ5 በመቶ የኅትመት ብልሽት ጋር 10,500 ሉክ ወይም 21 ሪም ያስፈልጋል። ይህ ጠቅላላ ፍላጎት ነው።

ቀጥሎ የተጣራው ፍላጎት ይሰላል። በቢን ካርዱ ላይ 14 ሪም አለ፤ ከዚህ ውስጥ 6ቱ ለሌላ ሥራ ተይዘዋል፣ ስለዚህ 8 ይቀራል። ቀደም ሲል የታዘዘ 5 ሪም በ5ኛው ሳምንት ይገባል። ድርጅቱ 3 ሪም መጠባበቂያ ሳይነካ እንዲቀመጥ ወስኗል። ስለዚህ 21 ሲቀነስ 8 ሲቀነስ 5 ሲደመር 3፣ ውጤቱ 11 ሪም ይሆናል። ሻጩ በ5 በ5 ሪም ብቻ የሚሸጥ ከሆነ የግዥ ጥቆማው 15 ሪም ይላል።

ጊዜው የሚሰላው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው። መጽሐፉ በ10ኛው ሳምንት መጀመሪያ መረከብ አለበት። ጥረዛው 1 ሳምንት፣ ኅትመቱ 2 ሳምንት ስለሚወስድ ወረቀቱ በ7ኛው ሳምንት መጀመሪያ መጋዘን መገኘት አለበት። የአዲስ አበባ አቅራቢ በ1 ሳምንት የሚያስረክብ ከሆነ የግዥ ትእዛዙ በ6ኛው ሳምንት መጀመሪያ ይወጣል።

አቅራቢው እጁ ላይ ወረቀት ባይኖረውስ? በጅቡቲ በኩል የሚመጣው ጭነት 12 ሳምንት ይፈጃል ብንል፣ ትእዛዙ መውጣት የነበረበት ከ1ኛው ሳምንት መጀመሪያ 6 ሳምንት ቀድሞ ይሆናል። ሥርዓቱ ቀኑ ያለፈበት ጥቆማ ያወጣል። ይህ የስሌት ስሕተት አይደለም፤ የተገባው የርክክብ ቀን በዚህ የግዥ መንገድ እንደማይደረስበት የሚያመለክት ነው። ዕቅድ አውጪው ጥቆማውን እንዲሁ ቢያጸድቀው ችግሩ እስከ 7ኛው ሳምንት ተሸፍኖ ይቆያል።

የክምችት መረጃ ስሕተት ደግሞ ይበልጥ ድብቅ ነው። በካርዱ ከተመዘገበው 14 ሪም 4ቱ የሌላ ክብደት ወረቀት ሆነው ቢገኙ፣ እውነተኛው የተጣራ ፍላጎት 15 ሪም ይሆናል። ግዥው ወደ 15 በመጠጋጋቱ ግን ይህ ሥራ ሳይስተጓጎል ያልፋል። በመጨረሻው ካርዱ 7 ሪም ቀሪ ሲያሳይ በመጋዘኑ ያለው 3 ብቻ ነው። ስሕተቱ የሚገለጠው ቀጣዩ ሥራ ተጀምሮ ማሽኑ ሲቆም ነው። አስቀድሞ ለማወቅ የሚቻለው ጥቆማው ከመጽደቁ በፊት ወረቀቱን በዓይነቱ ቆጥሮ ከካርዱ ጋር በማመሳከር ነው።

ብዙዎች ሁለቱንም ችግር መጠባበቂያ ክምችት በመጨመር ለማለፍ ይሞክራሉ። ዋይባርክና ዊሊያምስ በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ግን መድኃኒቱ እንደ በሽታው እንደሚለይ አሳይተዋል፤ አጠራጣሪው መጠኑ ሲሆን መጠባበቂያ ክምችት፣ አጠራጣሪው ጊዜው ሲሆን መጠባበቂያ ጊዜ ይሻላል። የብልሽት መጠኑ ለሚዋዥቅ ሥራ 3 ሪም መጠባበቂያ ተገቢ ነው። ጭነቱ ለሚዘገይበት ወረቀት ግን የሚጠቅመው ትእዛዙን ቀደም ብሎ ማውጣት ነው፤ 3 ሪም የአንድን ወር መዘግየት አይሸፍንም። መጠባበቂያ ጊዜም ዋጋ አለው፤ ጭነቱ በቀጠሮው ከደረሰ ወረቀቱ መጋዘን ተቀምጦ የድርጅቱን ገንዘብ ይይዛል። ስለዚህ የአገር ውስጥ ግዥና የውጭ ግዥ በአንድ አማካይ የማስረከቢያ ጊዜ መመዝገብ የለባቸውም። በምሳሌያችን የ1 እና የ12 ሳምንት አማካይ 6 ሳምንት ተኩል ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚደርስ ወረቀት ግን በሁለቱም መንገድ የለም።