ወረፋው ረዘመ፣ ገንዘቡ አነሰ

ለምሳሌ ያህል አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ጁስ ቤት ከፍታለች እንበል። አንድ ብርጭቆ የአቮካዶ ጁስ በ120 ብር ትሸጣለች። ለፍሬው፣ ለስኳሩና ለሎሚው፣ በስብሶ የተጣለውም ተቆጥሮ፣ በብርጭቆ 70 ብር ታወጣለች። የሚቀራት 50 ብር ጠቅላላ ትርፍ ይባላል። «ከአንዱ ብርጭቆ 50 ብር አተርፋለሁ» ብትል አልዋሸችም፤ ግን ያ 50 ብር ብዙ ባለዕዳ የሚጠብቀው ገንዘብ ነው።

በቀን 100 ብርጭቆ እየሸጠች በወር 26 ቀን ብትሠራ ጠቅላላ ትርፏ 130,000 ብር ይሆናል። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ 60,000 ብር ይነሳል። አራት ሠራተኞች 32,000 ብር ደመወዝ ይወስዳሉ፤ አሠሪ የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም 3,520 ብር ነው። መብራት፣ ውሃና የሒሳብ ሠራተኛ 11,000 ብር ይበላሉ። ብዙዎች የሚዘነጓቸው ሁለት ወጪዎች ደግሞ አሉ፤ የመፍጫውና የፍሪጁ እርጅና 6,000 ብር፣ የራሷ የባለቤቷ ድካም 20,000 ብር። ድምሩ 132,520 ብር ነው። ሁሉም ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው የተጣራ ትርፍ ነው፤ እዚህ ግን 2,520 ብር ኪሳራ ሆኗል።

ኪሳራው ቶሎ አይታይም። ኪራይ በየሦስት ወሩ የሚከፈል ከሆነ፣ ሁለቱን ወር መሳቢያው ሙሉ ነው። እውነቱ የሚወጣው አከራዩ በሩን ሲያንኳኳ ነው።

ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ የሚመጣለት መፍትሔ ዋጋ ቀንሶ ደንበኛ ማብዛት ነው። ጁሱ 105 ብር ሲሆን በቀን 140 ብርጭቆ ተሸጠ እንበል። ሰው በር ላይ ይሰለፋል፣ ሰፈሩም «እሷማ ከብራለች» ይላል። ነገር ግን የ15 ብሩ ቅናሽ የተነሳው ከ120ው ላይ ሳይሆን ከ50ው ላይ ነው፤ በብርጭቆ የሚቀራት 35 ብር ብቻ ሆነ። የወሩ ጠቅላላ ትርፍ ወደ 127,400 ብር ወረደ። ያን ሁሉ ሰው ለማስተናገድ አምስተኛ ሠራተኛ ስትቀጥር ደግሞ ወጪው ከነጡረታው 141,400 ብር ደረሰ። ደንበኛው በ40 በመቶ ሲጨምር ኪሳራው ከ2,520 ወደ 14,000 ብር አደገ።

አራቱን ሠራተኞች ይዛ በተቃራኒው 5 ብር ጨምራ ቢሆንስ? በ125 ብር በቀን 95 ብርጭቆ ብቻ ብትሸጥ እንኳ በወር 3,330 ብር የተጣራ ትርፍ ይቀራታል። ዋጋው ሲጨምር ደንበኛው ከ95 በታች ይወርድ እንደሆነ ግን በደብተር አይታወቅም፤ ሰፈሩን ማወቅ ይጠይቃል። በአሁኑ ወጪዋ በ125 ብር ቢያንስ 93 ብርጭቆ ካልሸጠች ተመልሳ ኪሳራ ውስጥ ናት።