ከወጪው በላይ የሚሸጥ፣ ትርፍ ግን የሌለው ንግድ፦ የካፌዎች ገበያ ምን ያስረዳል?

በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ጎዳና ላይ ሦስትና አራት ካፌዎች ጎን ለጎን ተከፍተው ማየት የተለመደ ነው። ሁሉም ማኪያቶ ይሸጣሉ። ይሁን እንጂ አንዱ በቡናው ጣዕም፣ ሌላው በኬኩ፣ ሌላው ደግሞ በረንዳው ሰፊ በመሆኑ ወይም ለታክሲ መያዣው በመቅረቡ ይመረጣል። ደንበኛው የለመደው ካፌ በዋጋው ላይ አንድ ብር ቢጨምር ጥሎት አይሄድም፤ አሥር ብር ቢጨምር ግን መንገዱን ተሻግሮ ወደ ጎረቤቱ መግባቱ አይቀርም።

የምጣኔ ሀብት ምሁራን ይህን መሰሉን ገበያ "ሞኖፖሊያዊ ውድድር" በማለት ይጠሩታል። ስያሜው እርስ በርሱ የሚጋጭ ቢመስልም ነገሩን በትክክል ይገልጻል። እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ ምርት ላይ ብቸኛ ሻጭ ነው፤ ከእርሱ ጋር የሚመሳሰል ምርት የሚያቀርቡ ግን ብዙዎች ናቸው፤ ወደ ገበያው ለመግባትም የሚያግድ ነገር የለም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ኤድዋርድ ቻምበርሊን ጽንሰ ሐሳቡን በመጽሐፍ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1933 ሲሆን፣ እንግሊዛዊቷ ጆአን ሮቢንሰንም ፍጹም ያልሆነ ውድድርን የሚመለከት ሥራዋን ያሳተመችው በዚያው ዓመት ነበር።

የዚህ ገበያ አሠራር በአንድ ካፌ ስሌት በግልጽ ይታያል። አኃዞቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ እንጂ የወቅቱን ዋጋ የሚያመለክቱ አይደሉም። ለአንድ ሲኒ ማኪያቶ የቡናው፣ የወተቱና የስኳሩ ወጪ 10 ብር ነው እንበል። ካፌው ብዙ ቢሸጥም ጥቂት የማይቀሩለት የወር ወጪዎች ደግሞ አሉ፦ የቤት ኪራይ 20 ሺህ ብር፣ የሠራተኞች ደመወዝ 12 ሺህ ብር፣ የመብራት፣ የውኃና የማሽን ጥገና 3 ሺህ ብር። ከእነዚህ በተጨማሪ በሒሳብ መዝገብ ላይ የማይታዩ ሁለት ወጪዎች መታሰብ ይኖርባቸዋል። ባለቤቱ በሌላ ቦታ ተቀጥሮ ቢሠራ ኖሮ ሊያገኝ ይችል የነበረው 7 ሺህ ብር ደመወዝ አንዱ ሲሆን፣ በካፌው ላይ ያዋለው ገንዘብ በሌላ ሥራ ላይ ቢውል ያስገኝለት የነበረው 3 ሺህ ብር ሁለተኛው ነው። ድምሩ 45 ሺህ ብር ይሆናል።

ካፌው በሰፈሩ የመጀመሪያው በነበረበት ወቅት አንዱን ሲኒ በ30 ብር ሒሳብ በወር 4 ሺህ ሲኒ ይሸጥ ነበር። ከእያንዳንዱ ሲኒ 20 ብር ስለሚተርፈው 80 ሺህ ብር ይሰበስባል፤ 45 ሺህ ብሩ ሲቀነስ 35 ሺህ ብር ንጹሕ ትርፍ ይቀረዋል። ይህን ገቢ የሚያዩ ሌሎች ሰዎች ዝም ብለው አይቀመጡም። በአጭር ጊዜ ውስጥ ከፊት ለፊቱ አንድ፣ ከጎኑ ሌላ ካፌ ይከፈታል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ብዙ ሰው የዋጋ ጦርነት አድርጎ ያስበዋል፤ በአብዛኛው ግን እንደዚያ አይደለም። አዲሶቹ ካፌዎች በቅድሚያ የሚወስዱት የነባሩን ደንበኞች ነው። በየትኛውም ዋጋ ቢሸጥ ወደ ነባሩ ካፌ የሚመጣው ሰው ከቀድሞው ያነሰ ይሆናል። ባለቤቱ ሁኔታውን አመዛዝኖ ዋጋውን ወደ 25 ብር ያወርዳል፤ ሽያጩም 3 ሺህ ሲኒ ላይ ይረጋል። አሁን ከአንዱ ሲኒ የሚተርፈው 15 ብር ሲሆን፣ በ3 ሺህ ሲባዛ በትክክል 45 ሺህ ብር ይሆናል። ትርፉ ዜሮ ሆነ ማለት ነው። ተጨማሪ ካፌ ለመክፈት የሚያነሳሳ ነገር ባለመኖሩም መስፋፋቱ በዚሁ ይቆማል።

ባለቤቱ ዋጋውን በመለወጥ ከዚህ ሁኔታ ሊወጣ አይችልም። ወደ 27 ብር ቢያሳድገው ገዢው ወደ 2 ሺህ 600 ሲኒ ይወርድና 800 ብር ይከስራል። ወደ 23 ብር ቢያወርደውም 3 ሺህ 400 ሲኒ ይሸጣል፤ ኪሳራው ግን ያው 800 ብር ነው። ከወጪው ጋር የሚያስተካክለው ዋጋ አንድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ዜሮ ትርፍ ማለት ባዶ እጅ መቅረት አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። በሒሳብ መዝገቡ ላይ ካፌው በየወሩ 10 ሺህ ብር ትርፍ ያሳያል፤ ግብርም ይከፈልበታል። ሆኖም ይህ ገንዘብ የባለቤቱ የድካምና የካፒታል ዋጋ እንጂ ከዚያ በላይ የሆነ ጥቅም አይደለም። በመሆኑም ካፌውን የሚዘጋበት ምክንያት የለውም።

በሌላ በኩል በ10 ብር የተዘጋጀው ማኪያቶ አሁንም በ25 ብር ይሸጣል። የገበያ ተቆጣጣሪ ይህን ልዩነት ብቻ ተመልክቶ ያልተገባ ትርፍ አለ ብሎ ቢደመድም ይሳሳታል። በዚህ መነሻ የአንድ ሲኒ ዋጋ ከ20 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ እንበል። ነባሩ ካፌ ብቻውን ዋጋውን ቢቀንስ ከጎረቤቶቹ ደንበኛ ስቦ ሽያጩ 4 ሺህ ሲኒ ይደርስ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ 5 ሺህ ብር ይከስራል። ውሳኔው ግን ሁሉንም ካፌዎች በአንድ ጊዜ ዋጋ የሚያስቀንስ በመሆኑ ከጎረቤት የሚመጣ ደንበኛ አይኖርም፤ ኪሳራውም ከዚህ ይከፋል። ውጤቱ ወዲያውኑ አይታይም። በቅድሚያ የሲኒው መጠን ይቀንሳል፣ ወተቱ ይቀጥናል፤ የኪራይ ውል ሲያበቃ ደግሞ አንዳንዶቹ በራቸውን ይዘጋሉ።

እርግጥ ነው፣ ገበያው የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ካፌው ያንኑ ቤትና ሠራተኛ ይዞ 5 ሺህ ሲኒ ቢሸጥ ኖሮ የአንዱ ሲኒ ጠቅላላ ወጪ ከ25 ወደ 19 ብር በወረደ ነበር። በረፋድ ባዶ የሚታዩት ወንበሮች የዚህ ምልክት ናቸው። ይህን ብክነት ነው የሚሉ አሉ፤ ቻምበርሊን በበኩሉ ተጠቃሚው አማራጭ ለማግኘት የሚከፍለው ዋጋ አድርጎ ተመልክቶታል። አቪናሽ ዲክሲትና ጆሴፍ ስቲግሊትዝ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት ጥናትም በእንዲህ ያለ ገበያ የድርጅቶች ቁጥር የግድ ከሚገባው በላይ ይሆናል ማለት እንደማይቻል አሳይቷል።

ነጋዴው በበኩሉ ትርፉ ከእጁ እንዳይወጣ ምርቱን ለየት ለማድረግ ይጥራል። ሆኖም ልዩነት ካልታደሰ ያረጃል። በኢትዮጵያ ለታሸገ ውኃ ገበያ ፋና ወጊ የሆነው "ሃይላንድ" ስሙ ከመታወቁ የተነሳ የማንኛውም ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ ሆኗል። በሱቅ "ሃይላንድ" ብሎ የጠየቀ ሰው ከብዙዎቹ የውኃ ምርቶች አንዱ ሲሰጠው አይቃወምም። ያን ያህል የገነነ ስም እንኳ ከሌሎች መለያ መሆኑን አቁሟል።

በቀላሉ ሊቀዳ የማይችለው ልዩነት ቦታ ነው። ካፌው በአደባባይ ጥግ ላይ ከሆነ ሌላው ያንን ጥግ ሊከፍት አይችልም። እዚህም ቢሆን ግን ትርፉ በካፌው ባለቤት እጅ ብዙ አይቆይም። ውሉ ሲታደስ አከራዩ የቦታውን ጥቅም አስልቶ ኪራዩን ከ20 ሺህ ወደ 40 ሺህ ብር ሊያሳድገው ይችላል። ትርፉ አልጠፋም፤ ባለቤት ለወጠ እንጂ። በመሆኑም የአንድን ጎዳና የንግድ ሁኔታ ለመረዳት የሚፈልግ የሥራ ኃላፊ ከሲኒው ዋጋ ይልቅ ሦስት ነገሮችን ቢመለከት ይሻለዋል፦ በዓመቱ ስንት አዲስ ፈቃድ እንደወጣ፣ ስንቱ እንደተመለሰ፣ ኪራዩም በምን ያህል እንደጨመረ። አዲስ ፈቃድ የሚጠይቀው በዝቶ የሚመልሰው ጥቂት ከሆነ ትርፉ ገና አላለቀም። ነባሮቹ እያተረፉ አዲስ የሚገባ ከጠፋ ደግሞ በሩን የዘጋው ምን እንደሆነ መመርመር ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜ መልሱ በዚያው በፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አሠራር ውስጥ ሊገኝ ይችላል።