አቤቱታው ሳይጻፍ ቀኑ ይጻፍ

የሥራ ክርክር ላይ ብዙ ሰው የሚሸነፈው በደል ስላልደረሰበት አይደለም። «መቼ?» ሲባል «ባለፈው ክረምት ገደማ» ብሎ ስለሚመልስ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን (አዋጅ ቁጥር 1156/2011) ደግሞ ቀን ከባድ ነገር ነው። አሠሪዋ ወይም የሥራ መሪ ወሲባዊ ትንኮሳ የፈጸመባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችላለች። ይህ መብቷ ግን ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመችበት ይቀራል። ስትለቅም ምክንያቷን በጽሑፍ ማሳወቅ አለባት።

አንዲት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ እናስብ። ደብተሯ ላይ «ዛሬም አስቸገረኝ» ብላ ብትጽፍ ለራሷ ይገባታል፤ ለዳኛ ግን ምንም አይነግረውም። እንዲህ ብትጽፍስ? «ረቡዕ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8፡20 ገደማ፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ። ኃላፊዬ ወገቤን ያዘኝ። ‹እባክዎ ይተዉኝ› አልኩት። ‹ፈረቃሽን የማወጣው እኔ ነኝ› አለኝ። የጽዳት ሠራተኛዋ ስታልፍ አየችን። 8፡35 ላይ ለእህቴ በቴሌግራም ጻፍኩላት።»

እዚህ ውስጥ «ክፉ ሰው ነው» የሚል ፍርድ የለም። የተባለው በተባለበት ቃል፣ የተደረገው እንደተደረገ ተቀምጧል። እውነቱን ለመናገር፣ ደብተሩ ብቻውን የራሷ ቃል ስለሆነ ብዙ ክብደት ላይኖረው ይችላል። ዋጋው ወደ ሌላው ማስረጃ መምራቱ ነው። የዚያን ቀን የፈረቃ ሰሌዳ ሁለቱም ሥራ ላይ እንደነበሩ ያሳያል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ትመሰክራለች፤ የቴሌግራሙ መልእክት በስልኩ ላይ አለ።

ብዙዎች የሚሰናከሉበት ቦታ ይህ ነው። ስልኩ መልእክቱን ያኖረው ኦክቶበር 15 ቀን 2025፣ ከሰዓት በኋላ 2፡35 ብሎ ነው። ደብተሩ ደግሞ ጥቅምት 5፣ 8፡35 ይላል። ሁለቱ አንድ ቅጽበት ናቸው፤ ካልተብራራ ግን ተከራካሪው ጠበቃ «የተጣረሰ ማስረጃ» ይለዋል። ስለዚህ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ነው።

በዚያው ዕለት ይጻፍ፤ ገጹ አይቀደድ፣ በኋላም እንደ አዲስ አይገልበጥ። ስህተት ከተገኘ በአንድ መስመር ተሰርዞ የታረመበት ቀን ይጻፍበት። ደብተሩ ቤት ይቀመጥ እንጂ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አይሁን፤ ከሥራ የተባረረ ሰው መግቢያው ይዘጋበታል። የድርጅቱን ሰነድ ደብቆ ማውጣት ግን ራስን ለክስ ይዳርጋል። ሰነዱ የት እንዳለ መጻፍ ይበቃል።

አቤቱታው ሲቀርብ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ገብቶ በሁለተኛው ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ይደረግበት። አልቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ላኩትና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ከደብተሩ ጋር አስቀምጡ።