በሽያጭ ወይስ በትርፍ? የሾላው እህል ቤትና የፈረንሳዩ ልብስ ስፌት

ሾላ ገበያ እህል ተራ ውስጥ ያለ ነጋዴ ስለ ትርፉ ሲጠየቅ የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ በኩንታል ነው፤ ከአንዱ ኩንታል ይህን ያህል ቀረኝ ይላል። ስለ ሽያጩ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ይህ ዝምታ አሮጌ ነው። በሰኔና ሐምሌ 2009 የቀን ገቢ ግምት በየሱቁ ሲደርስ በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም ሱቆች ተዘግተው እንደነበር ብዙዎቻችን አንረሳውም። ያኔ ገማቾች ሱቁን አይተው የዕለት ሽያጭ ይገምታሉ፣ ግምቱ በዓመት ይባዛል፣ ከዚያ ነጋዴው የሚከፍለው ግብር ይወጣል። ስለዚህ የሽያጭን ልክ መናገር ለብዙ ነጋዴ በራስ ላይ እንደ መመስከር ሆኖ ቆየ።

ሐምሌ 2017 በጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ግን ለትንሹ ነጋዴ ዋናው ቁጥር ሽያጩ ሆኗል። ቀድሞ ሀ፣ ለ እና ሐ የነበሩት የግብር ከፋይ ደረጃዎች ሁለት ብቻ ቀሩ። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር የማይበልጥ ነጋዴ ደረጃ ለ ሲሆን የሚከፍለው ከጠቅላላ ሽያጩ ላይ ነው። ደረጃ ሀ የሒሳብ መዝገብ ይይዛል፣ ወጪውን ይቀንሳል፣ ግብሩም በተረፈው ላይ ይሰላል። (በአዋጅ ቁጥር 308/1995 ከመጣውና «ቲኦቲ» ከምንለው ተርን ኦቨር ታክስ ጋር እንዳይምታታ። ቲኦቲ ከገዢው ተሰብስቦ ገቢ የሚደረግ ነው። አሁን የማወራው ከነጋዴው ከራሱ ኪስ ስለሚወጣው የገቢ ግብር ነው።)

ለትናንሽ ነጋዴዎች ሒሳብ ስሠራ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ በሽያጭ ብከፍል ይሻለኛል ወይስ መዝገብ ይዤ በትርፍ? መልሱ ያለው ከመቶ ብር ሽያጭ ስንት ብር በሚተርፈው ላይ ነው። ይህን ለማየት ሁለቱን መንገዶች ቀረብ ብሎ ማወቅ ይጠቅማል።

የሽያጩ መንገድ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ነው። የመጀመሪያው 100,000 ብር ሽያጭ 2 ከመቶ ይከፈልበታል። ከዚያ እስከ 500,000 ያለው 3 ከመቶ፣ እስከ 1 ሚሊዮን 5 ከመቶ፣ እስከ 1.5 ሚሊዮን 7 ከመቶ፣ እስከ 2 ሚሊዮን 9 ከመቶ ነው። እዚህ ላይ ገበያ ውስጥ የሚናፈስ ስህተት አለ። ብዙ ሰው ሽያጩ 1.5 ሚሊዮንን በአንድ ብር ካለፈ ከሥሩ ጀምሮ 9 ከመቶ የሚቆረጥበት ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም፤ 9ኙ የሚነካው ያለፈውን ብቻ ነው። በ1.5 ሚሊዮን ሽያጭ ላይ ግብሩ 74,000 ብር ነው፤ አንድ ብር ሲጨመር የሚከተለው 9 ሳንቲም ነው። ይህን ባለማወቅ ሰኔ ሲገባ ሱቁን ቀደም ብሎ የሚዘጋ ሰው አይቻለሁ፤ ያጣው ሽያጩን ነው እንጂ ግብር አላዳነም።

የትርፉ መንገድ ደመወዝተኛው ከሚያውቀው ሰንጠረዥ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ወሩ በ12 ይባዛል እንጂ። በዓመት እስከ 24,000 ብር ትርፍ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ በ15፣ በ20፣ በ25፣ በ30 ከመቶ እየወጣ ከ168,000 ብር በላይ ያለው 35 ከመቶ ይከፈልበታል። ከሥሩ ግን አንድ ወለል ተነጥፎበታል፦ የተሰላው ግብር ከጠቅላላ ሽያጩ 2.5 ከመቶ በታች ከወረደ የሚከፈለው ያ 2.5 ከመቶ ነው። በትርፍ እከፍላለሁ የሚል ሰው ይህን ወለል ረስቶ ከሆነ ሒሳቡን እንደገና ቢጀምር ይሻለዋል።

አሁን ሾላ እንግባ። አንድ እህል ቤት እንውሰድ፤ ጤፍና ስንዴ በኪሎ የሚቸረችር፣ በዓመት 1,200,000 ብር የሚሸጥ እንበል። እህሉን የገዛበት 1,020,000 ነው። ኪራይ፣ የተሸካሚ፣ የመብራት፣ የጆንያና የነቀዝ ኪሳራ ተደምሮ 96,000 ይወጣል። የተረፈው 84,000፣ ማለትም ከመቶ ብር ሽያጭ 7 ብር ነው።

በሽያጭ ሲሰላ የዚህ ሰው ግብር 53,000 ብር ይሆናል። ከ84,000 ብር ትርፍ 53,000 ሲሄድ ከመቶ 63 ብር ሄደ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ጆንያ ሲገለብጥ ከርሞ ለቤቱ የሚያስገባው 31,000 ብር ነው።

በትርፍ ሲሰላ ደግሞ በ84,000 ብር ላይ ግብሩ 10,800 ብቻ ይወጣል። ወለሉ ግን ዝም አይልም፤ የ1,200,000 ብር 2.5 ከመቶ 30,000 ነው፤ ስለዚህ የሚከፈለው 30,000 ነው። በዚህ ላይ መዝገቡን የሚይዝለት የሒሳብ ሠራተኛ በወር 1,500 ብር ያስከፍለዋል ብንል በዓመት 18,000 ይጨመራል። ድምሩ 48,000። (የሒሳብ ሠራተኛው ክፍያ ራሱ ወጪ ሆኖ መቀነሱን ለቀላልነት ትቼዋለሁ።) ከሽያጩ መንገድ ጋር ሲተያይ የሚተርፈው 5,000 ብር ነው። ለዚህች ልዩነት ዓመቱን ሙሉ መዝገብ መያዝ ይገባል ወይ የሚለው የሰውየው የራሱ ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ደረሰኝህ የታል?

ምክንያቱም መዝገብ የሚያምነው ወረቀትን ነው። የሾላ ነጋዴ እህሉን ከጅምላ ሻጭ ይገዛል፣ አንዳንዴም ከጭነት መኪና ላይ ሌሊት ያወርዳል፤ ገንዘቡም እዚያው ተቆጥሮ ይሰጣል። ብዙው ግዢ በቃል ያለቀ ነው። ከ1,020,000 ብር ግዢ ውስጥ ደረሰኝ ያለው 680,000 ብቻ ቢሆን፣ በመዝገቡ ላይ የሚታየው ትርፍ 84,000 ሳይሆን 424,000 ይሆናል። በዚህ ላይ የሚሰላው ግብር 123,800 ብር ነው። ይህ ከእውነተኛው ትርፉ በላይ ነው። ሰውየው 53,000 ሲሸሽ 123,800 ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ለእህል ነጋዴው ትክክለኛው ጥያቄ ትርፌ ስንት ነው የሚለው ብቻ አይደለም። የወረቀት ትርፌ ስንት ነው የሚለውም ነው። በቁጥር ሊታይ ይችላል፦ ከላይ ባለው ምሳሌ የሒሳብ ሠራተኛው ክፍያ ተጨምሮ የትርፉ መንገድ ከሽያጩ የሚያንሰው ደረሰኝ ያጣው ግዢ ወደ 86,000 ብር እስኪደርስ ብቻ ነው። ይህም ከእያንዳንዱ መቶ ብር ግዢ ስምንት ብር ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ መዝገቡ ይጎዳዋል። ለማወቅ ረጅም ነገር አያስፈልግም፤ የአንድ ወር ግዢን ከነደረሰኙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ከተከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ጋር ማስተያየት ይበቃል። የጎደለው ከአሥር አንድ ከሆነ የሽያጩ መንገድ ነው የሚያዋጣው።

ከሾላ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሲወጣ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ ዳገት ሲያጋድል፣ ሒሳቡ ይገለበጣል። በአንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና ያላትን ልብስ ሰፊ እናስብ። በዓመት 600,000 ብር ታስገባለች እንበል። ጨርቁን አብዛኛውን ጊዜ ደንበኛው ይዞ ይመጣል፤ የእሷ ወጪ ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ኪራይና የረዳቷ ደመወዝ ነው። ከመቶ ብር 40 ብር ይተርፋታል፤ ዓመታዊ ትርፏ 240,000 ነው። በሽያጭ የምትከፍለው 19,000 ብር ነው። በትርፍ ቢሆን 59,400 ነበር። ለእሷ መዝገብ መያዝ ሦስት እጥፍ መክፈል ነው፤ ደረሰኝ ሁሉ ቢሟላላት እንኳ።

ከእነዚህ ከሁለቱ መካከል ያለው መስመር የት ነው? የሒሳብ ሠራተኛውን ክፍያ ሳልጨምር እኩል የሚወጡበትን ትርፍ ሳሰላ በ600,000 ብር ሽያጭ ላይ ከመቶ 19 ብር ተኩል አካባቢ ሆኖ አገኘሁት። በአንድ ሚሊዮን 18 ብር ከጥቂት ሳንቲም፣ በ1.8 ሚሊዮን 20 ብር ነው። ስለዚህ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ለሚሸጥ ነጋዴ ከመቶ ወደ 20 ብር ገደማ እንደ ወሰን ሊያዝ ይችላል፦ ከዚያ በላይ የሚተርፈው በሽያጭ ይክፈል፣ ከዚያ በታች የሚተርፈው በትርፍ መክፈሉን ይመርምር። በጣም ትንሿ ሱቅ ላይ ግን ወሰኑ ከፍ ይላል። በ300,000 ብር ሽያጭ እኩል የሚወጡት ከመቶ 23 ብር ሲተርፍ ነው፤ በ100,000 ሽያጭ ደግሞ የ2.5 ከመቶው ወለል ከሽያጩ 2 ከመቶ ስለሚበልጥ እኩል የሚወጡበት ትርፍ የለም። ወሰኑ ከፍ የሚልበት ምክንያት ትርፉ ዝቅተኛ ሲሆን የመጀመሪያው 24,000 ብር ነጻ መሆኑ ብዙ ስለሚያካክስ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ልክ በምትሸጥ ሱቅ ላይ የሽያጩ ግብር ራሱ ከ2,000 እስከ 8,000 ብር ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ክፍያ ብቻውን ይበልጠዋል። ለእሷ ጥያቄው ተመልሷል።

የሽያጭ ግብር ሌላም ጠባይ አለው፤ ክፉ ዓመትን አያውቅም። እህል ቤቱ ነቀዝ ገብቶበት በዓመቱ ምንም ሳይተርፈው ቢቀርም፣ 1,200,000 ብር እስከሸጠ ድረስ 53,000 ብሩ ይጠበቅበታል። መዝገብ ያለው ነጋዴ በበኩሉ በገቢ ግብር አዋጁ መሠረት ኪሳራውን እስከ አምስት ዓመት ወደፊት አሻግሮ ከሚመጣ ትርፍ ላይ መቀነስ ይችላል፤ የ2.5 ከመቶው ወለል ይህንንም ቢያጠበው። ልብስ ሰፊዋ ይህ ብዙም አያሳስባትም፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሽያጯም አብሮ ስለሚወርድ ግብሯም ይወርዳል። እህል ነጋዴው ላይ ግን ሽያጩ ሳይወርድ ትርፉ ብቻ ሊተን ይችላል። የጤፍ ዋጋ በመስከረም ከፍ ብሎ ገዝቶ በታኅሣሥ አዲሱ ሲገባ በርካሽ የሸጠ ሰው ይህንን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ባለፈው ሐምሌ አንድ የሾላ እህል ነጋዴ የግዢ ወረቀቶቹን በፌስታል ይዞ መጣ። ስንቆጥራቸው ከግዢው ግማሽ ያህሉ ብቻ ደረሰኝ ነበረው። «በል ጋሼ፣ ዘንድሮ በሽያጩ ክፈል» አልኩት። ፌስታሉን አጥፎ ጃኬቱ ኪስ ከተተና «እንግዲያ ሌሊት ከመኪና ላይ መግዛቴን ልተወዋ» አለ።