የሦስት ወር ራፖርን በ10 ደቂቃ ንግግር ለሠራተኞች ጉባዔ ስለ ማቅረብ

የወረዳ እርሻ ጽሕፈት ቤት ከሐምሌ 1 ቀን እስከ መስከረም 30 ቀን ድረስ የሠራውን የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ሥራ በጽሑፍ አሰናድቶ፥ ጥቅምት ሲገባ ለበላዩ ያቀርባል። በዚያው ሰሞን ደግሞ የጽሕፈት ቤቱ ሹም የወረዳው አስተዳዳሪ በተገኙበት፥ ባለሙያዎቹንና የቀበሌ ልማት ሠራተኞችን ሰብስቦ የሥራውን ሁኔታ በቃል እንዲያስረዳ ይታዘዛል። የሚሰጠው ጊዜ 10 ደቂቃ ነው፤ በእጁ ያለው ራፖር ግን 30 ገጽ ያህል ይሆናል። ከዚህ በታች የሚነገረው ይህ 30 ገጽ እንዴት 10 ደቂቃ እንደሚሆን ነው።

ብዙዎች የሚያደርጉት ራፖሩን እንዳለ ይዘው መነሣትና ጊዜው እስኪያልቅ ማንበብ ነው። ይህን የሚጽፈው ሰው በተገኘበት በአንድ ጉባዔ ላይ ንባቡ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተፈጸመና ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ተባለ፤ የቀረበው ጥያቄ የውሎ አበል መቼ ይከፈላል የሚል ብቻ ነበር። ሰሚዎቹ ሰነፎች ስለ ሆኑ አይደለም። ራፖርን በዓይን የሚያነብ ሰው ያልገባውን ቁጥር ተመልሶ ያየዋል፥ አንዱን ሰንጠረዥ ከሌላው ያስተያየዋል፤ በጆሮ የሚሰማ ሰው ግን ያመለጠውን መልሶ ለመያዝ መንገድ የለውም። የተጻፈ አንድ ሙሉ ገጽ ጮክ ተብሎ በእርጋታ ሲነበብ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ሰዓት ይዞ መለካት ይቻላል፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ከወሰደ 10 ደቂቃ የሚሸከመው ከሦስት ገጽ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ነው። ለጥያቄ ጊዜ ከተተወለት ደግሞ ሁለት ገጽ ተኩል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 30 ገጹን ማሳጠር ከንቱ ድካም ነው፤ የሚያስፈልገው መምረጥ ነው።

ምርጫው በምን ይደረግ? ራፖር የሚጻፈው በዕቅዱ አርእስት ተራ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያ የሰብል ልማት፥ ቀጥሎ የእንስሳት፥ ከዚያም የአፈርና የውሃ ጥበቃ፥ በመጨረሻ ያጋጠሙ ችግሮች ይሆናል። ይህ አቀማመጥ ዕቅድን ከክንውን ጋር ለሚያመሳክር የበላይ አካል የተመቸ ነው። የሠራተኞች ጉባዔ ግን የተሰበሰበው ለማመሳከር ሳይሆን ለመሥራት ነው። እንግዲህ ተናጋሪው ራፖሩን ሲገልጥ አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው፥ በዚህ አዳራሽ የሚቀመጡት ሰዎች ከነገ ጀምሮ ሥራቸውን እንዲለውጡ የሚያደርግ ነገር በየትኛው ገጽ ላይ አለ የሚለውን ነው። እንዲህ ያለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በመግቢያው አይገኝም። የሚገኘው በመጨረሻው ምዕራፍ ውስጥ በአንድ መስመር ታልፎ፥ ወይም መልካም በሚመስል የመቶኛ ቁጥር ሥር ተሸፍኖ ነው።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ወረዳ በምሳሌ እናንሣ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተቀመጡ ናቸው። ወረዳው 24 ቀበሌዎች አሉት፤ ከእነዚህ 7ቱ ከወንዝ ማዶ ናቸው፥ ዋናው ሰብላቸውም ጤፍ ነው። በራፖሩ 9ኛ ገጽ ላይ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል፦ «በሩብ ዓመቱ 10,000 ኩንታል የመሬት ማዳበሪያ ለማሰራጨት ታቅዶ 9,200 ኩንታል ተሰራጭቷል፤ ክንውኑም ከመቶ 92 ሆኗል።» በ28ኛው ገጽ ላይ ደግሞ፥ «በአንዳንድ ቀበሌዎች በመጓጓዣ ችግር ምክንያት የማዳበሪያ መዘግየት ታይቷል» የሚል አንድ መስመር አለ። እነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በ19 ገጽ ተለያይተዋል፤ የሚያገናኛቸውም የለም።

አስተዋይ ሹም ከዚህ ላይ ብዕሩን ያስቀምጥና የኅብረት ሥራ ማኅበሩን መጋዘን የማስረከቢያ ደረሰኞች ያስመጣል። ራፖሩ የያዘው መጠንን ብቻ ነው፥ ደረሰኙ ግን ቀንን ይዟል። ቀኖቹ ሲደመሩ በዚያ ወረዳ ጤፍ ከሚዘራበት ጊዜ በፊት የደረሰው 5,400 ኩንታል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የቀረው 3,800 ኩንታል ከዘር በኋላ የደረሰ ነው። ይህን ያየ ሰው ከመቶ 54 ብቻ ተሳክቷል ብሎ ሊያውጅ ይቸኩል ይሆናል፤ ይህም ስሕተት ነው። ከዘገየው ውስጥ 1,500 ኩንታሉ ዩሪያ ነው። ዩሪያ ቡቃያው ካደገ በኋላ በሁለተኛ ጊዜ የሚጨመር ስለ ሆነ፥ ከዘር በኋላ መድረሱ ሁልጊዜ ጉዳት አይባልም። የቀረው 2,300 ኩንታል ግን ኤን ፒ ኤስ የተባለው ማዳበሪያ ነው፤ በውስጡ ያለው ፎስፎር በአፈር ውስጥ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ፥ ከዘር ጋር ወደ ሥሩ ቀርቦ ካልገባ በኋላ ላይ ከላይ ቢበተን ጥቅሙ ጥቂት ነው። ይህ 2,300 ኩንታል የሄደው ወደ ማን ነው ቢባል፥ ሁሉም ወደ 7ቱ የወንዝ ማዶ ቀበሌዎች ሆኖ ተገኘ። ለልማት ሠራተኞቹ ስልክ ተደውሎ ሲጠየቁም፥ መኪናዎቹ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ወንዙ ሞልቶ መሻገር እንዳልቻሉ ተናገሩ።

እንግዲህ የጉባዔው ነገር ተገኘ። «የመጓጓዣ ችግር» የሚለው ቃል ለማንም ሥራ አይሰጥም፤ «ወንዙ ሳይሞላ ማዶ አልተሻገረም» የሚለው ግን ወዲያው መጋዘንን ያሳስባል። ተናጋሪው ቆሞ የሚናገረው ይህን የመሰለ ይሆናል፦

«ክቡራትና ክቡራን፥ ዛሬ የምለምናችሁ ሁለት ውሳኔ ነው። የመጀመሪያው፥ እስከ ግንቦት 30 ቀን ድረስ ከወንዝ ማዶ መጋዘን እንዲዘጋጅ፤ ሁለተኛው፥ በመጪው ኅዳር በ7ቱ የማዶ ቀበሌዎች የጤፍ ምርት ለብቻው እንዲለካ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። በዚህ ሩብ ዓመት 9,200 ኩንታል ማዳበሪያ አሰራጭተናል፤ ይህ ከዕቅዳችን ጥቂት ብቻ የጎደለ ነው። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ 2,300 ኩንታል ኤን ፒ ኤስ የማዶ ገበሬዎች ጤፋቸውን ከዘሩ በኋላ ደረሰ። የዘገየው እኛ ወንዙ እስኪሞላ ስለ ጠበቅን ነው።»

ይህ በእርጋታ ሲነገር አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ የጉባዔውም ፍሬ በውስጡ አለ። ልመናው አስቀድሞ መነገሩ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ሰሚው የሚከተለውን ሁሉ በዚያ ልክ እየመዘነ እንዲሰማ ነው። በራፖር ምክንያት ይቀድማል፥ ውሳኔ ይከተላል፤ በንግግር ግን ተራው ይገለበጣል። ደግሞም «እኛ ጠበቅን» የሚለውን ተመልከቱ። ራፖሩ «መዘግየት ታይቷል» ብሎ ነበር፤ ማን እንዳዘገየ የማይታወቅበት አነጋገር በጽሑፍ የተለመደ ነው፥ በጉባዔ ላይ ግን ሰሚው ሁሉ ነገሩ የሌላ ሰው እንደ ሆነ አድርጎ ይሰማዋል።

ከዚህ በኋላ አራት ደቂቃ ያህል ለዚሁ ነገር ዝርዝር ይሰጣል፤ የትኞቹ ቀበሌዎች እንደ ሆኑ፥ የዩሪያው መዘግየት ስለ ምን እንደማያሰጋ፥ መጋዘኑ 2,500 ኩንታል ያህል መያዝ እንደሚገባው፥ ኃላፊነቱ የማን እንደ ሆነ ይነገራል። እንስሳቱና የአፈር ጥበቃው ሥራ እንደ ዕቅዱ ከሄደ፥ እንደ ዕቅዱ ሄዷል፥ ዝርዝሩ በዚህና በዚያ ገጽ ላይ ይገኛል ብሎ በሁለት ደቂቃ ማለፍ ይበቃል። የቀሩት ሦስት ደቂቃዎች የጥያቄ ናቸው። በዚህ ላይ የሚከራከሩ አሉ፤ ሁሉም ክፍል ሥራው በስሙ እንዲነሣለት ይፈልጋል፥ ያልተነሣለትም የተናቀ ይመስለዋል። ለዚህ የሚሻለው ተናጋሪው ከጉባዔው በፊት የየክፍሉን ኃላፊ አግኝቶ የእርሱ ሥራ ዛሬ በአጭሩ የሚታለፈው ያለ ችግር ስለ ሄደ መሆኑን መንገር ነው። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ደቂቃ ማደል ግን ጉባዔውን መልሶ ወደ ንባብ ይወስደዋል።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በጽሑፍ 9,214 ኩንታል ከ50 ኪሎ የተባለው በንግግር 9,200 ይባላል፤ ትክክለኛው በራፖሩ ስላለ ምንም አይጎድልም። የመቶኛ ቁጥር ግን ከዚህ የባሰ ያደናግራል። በአንድ ራፖር ውስጥ አንዱ መቶኛ ከሩብ ዓመቱ ዕቅድ፥ ሌላው ከዓመቱ ዕቅድ ይሰላል፤ በጽሑፍ ላይ የሰንጠረዡ ራስ ይለያቸዋል፥ በጆሮ ግን ከመቶ 92 እና ከመቶ 31 ተከታትለው ሲመጡ ሰሚው አንዱ ሥራ የተሳካ ሌላው የወደቀ ይመስለዋል። ስለዚህ በንግግር መቶኛውን ትቶ ኩንታሉን፥ ሄክታሩን ወይም የቀበሌውን ቁጥር መናገር ይሻላል። ከላይ ባለው ምሳሌ ሰሚው ይዞ እንዲወጣ የታሰበው 9,200፥ 2,300ና 7 ብቻ ነው፤ አራተኛ ቁጥር ሲጨመር ከሦስቱ አንዱ መጥፋቱ አይቀርም።

ጥያቄ ሲመጣ ተናጋሪው ራፖሩን እንዳያገላብጥ፥ ሊጠየቁ የሚችሉትን አራት ወይም አምስት ነገሮች ከነገጻቸው በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፍ። በምሳሌአችን የመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ 10,000 ታቅዶ 9,200 ከተሰራጨ 800 ኩንታሉ የት አለ? መጋዘን ውስጥ አለ ብሎ በግምት መመለስ አደገኛ ነው፤ ያልተሰራጨ ሁሉ የመጣ አይደለምና። ቆጠራው 300 ኩንታል በመጋዘን እንዳለና 500ው ከመነሻው ወደ ወረዳው እንዳልደረሰ ካሳየ፥ መልሱ ይኸው ብቻ ነው። በመጋዘን ያለው ለበጋ መስኖ ስንዴ ይዋል የሚል አሳብ ቢነሣ ደግሞ ለዚያ ጊዜው ገና ስለ ሆነ ለውይይት የተመቸ ነው።

ንግግሩ ከጉባዔው አንድ ቀን በፊት ሰዓት ተይዞ፥ ከእርሻ ሥራ ውጭ ላለ ሰው፥ ለምሳሌ ለሒሳብ ሠራተኛው፥ አንድ ጊዜ ይነገር። ሲጨርስ «ምን እንድታደርጉ ለመንኳችሁ?» ተብሎ ይጠየቅ። መጋዘንና የምርት ልኬት ብሎ ከመለሰ ንግግሩ ደርሷል። ማዳበሪያ ዘግይቷል ብሎ ብቻ ከመለሰ ግን ልመናው በመካከል ጠፍቷል፤ ወደ መጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ተመልሶ ማቃናት ነው። ንግግሩ ከሰባት ደቂቃ ካለፈም መቆረጥ ያለበት ከዝርዝሩ እንጂ ከጥያቄው ጊዜ አይደለም።

ጉባዔው ሲፈጸም የተወሰነው ነገር፥ የሚሠራው ሰው ስምና ቀኑ በግማሽ ገጽ ተጽፎ ከራፖሩ 9ኛ ገጽ ጋር ይያያዝ። ከደረሰኞቹ የተገኘው የቀን ዝርዝርም አብሮ ይግባ፤ በሁለተኛው ሩብ ዓመት ራፖር የማዳበሪያው ሰንጠረዥ የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ አንድ ዓምድ እንዲጨመርበት ለጸሐፊው መንገር የሚገባውም በዚያው ቀን ነው።