የለጠፉት ቀን ነበር፣ የወጣው 45385

የሒሳብ ሠራተኛዋ በኢሜይል የደረሳትን የኤፕሪል 2024 የክፍያ ዝርዝር ኮፒ አድርጋ ኤክሴል ላይ ፔስት አደረገችው። ዝርዝሩ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር፣ በጠቅላላው 30 መስመር አለው። ቀኖቹ በኢትዮጵያ እንደተለመደው መጀመሪያ ቀን፣ ቀጥሎ ወር፣ በመጨረሻ ዓመት ተደርገው ተጽፈዋል፤ ከ01/04/2024 ጀምሮ እስከ 30/04/2024 ድረስ። የወሩን ድምር እንዲያወጣ የተሠራው ፎርሙላ ግን የአንዲት ቀን ክፍያ ብቻ ይዞ ወጣ። ከሠላሳው መስመር ኤክሴል የኤፕሪል ነው ብሎ የተቀበለው አንዱን ብቻ ነበር።

ሠራተኛዋ አንዲት ፊደል አልነካችም። ጥፋቱ የተፈጠረው ፔስት በተደረገበት ቅጽበት ነው።

ኤክሴል ቀንን የሚይዘው በቁጥር ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ይጀምርና በየዕለቱ አንድ እየጨመረ ይሄዳል። በዚህ አቆጣጠር ኤፕሪል 3 ቀን 2024 ማለት 45385 ነው። ሁለት ቀኖች ሲቀነሱ በመካከላቸው ያለው የቀን ብዛት የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሴሉ ላይ የሚታየው 03/04/2024 ቁጥሩ የለበሰው ልብስ ነው፤ ልብሱም ፎርማት ይባላል።

ልብሱ ሲወልቅ ቁጥሩ ይገለጣል። ለምሳሌ ከሌላ የኤክሴል ፋይል የመጣ ቀን `Paste Special` ውስጥ ገብቶ በ`Values` ከተለጠፈ፣ ፎርማቱ እዚያው ይቀርና ባዶ ቁጥሩ ብቻ ይመጣል። 45385ን አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ቀኑ አልጠፋም። ዓምዱን መርጦ `Ctrl+1` መጫን፣ ከዚያ `Date` የሚለውን መምረጥ ነው። ይኸው ነው መድኃኒቱ።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ችግር ግን ከዚህ ይከፋል። ከኢሜይል ወይም ከድረ ገጽ የሚመጣ ቀን ቁጥር ሆኖ አይመጣም፤ ተራ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን ወደ ቀን የሚለውጠው ኤክሴል ሲሆን፣ የሚለውጠውም ኮምፒውተሩ ላይ በተመረጠው አገር ልማድ ነው። ዊንዶውስ ላይ `English (United States)` ከተመረጠ የመጀመሪያው ቁጥር ወር፣ ሁለተኛው ቀን ይሆናል። ብዙ ኮምፒውተር ደግሞ ከመጀመሪያው እንዲህ ሆኖ ይመጣል፤ የሚነካውም የለም።

እንግዲህ ሠላሳው መስመር ምን እንደደረሰበት እንመልከት። 13/04/2024 ሲመጣ ኤክሴል አሥራ ሦስተኛ ወር ይፈልጋል፤ የለም። ስለዚህ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ከ13 እስከ 30 ያሉት 18 መስመሮች እንዲህ ጽሑፍ ሆነው ቀሩ። እነዚህ ቢያንስ ራሳቸውን ያጋልጣሉ፦ ጽሑፍ ከሴሉ ግራ ጠርዝ፣ ቁጥርና ቀን ደግሞ ከቀኝ ጠርዝ ይጠጋል። ዓምዱን ሰፋ አድርጎ ለተመለከተ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

አደገኞቹ በቀኝ በኩል በሥርዓት የተሰለፉት ናቸው። 11/04/2024 የሚለው 11/4/2024 ሆኖ ተቀምጧል፤ ለዓይን ምንም ያልተለወጠ ይመስላል፣ ዜሮዋ ብቻ ጠፍታለች። ሴሉን መርጦ ፎርማቱን ወደ `Long Date` ሲለውጡት ግን `Monday, November 4, 2024` ይላል። የኤፕሪል ክፍያ ኖቬምበር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ከ1 እስከ 12 ካሉት መስመሮች 11ዱ በዚህ መንገድ በዓመቱ ወሮች ሁሉ ተበተኑ። በቦታው የተገኘው ቀንና ወሩ እኩል የሆነው 04/04/2024 ብቻ ነበር። ድምሩ ላይ የወጣችው ያቺ አንዲት ቀን ይህች ናት።

ብዙዎች እዚህ ላይ ጽሑፍ የሆኑትን ብቻ አስተካክለው ይተዋሉ። ይህ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ የተገለበጡት 11 መስመሮችም መለያ አይኖራቸውም።

ዋናው ዝርዝር በእጅ ካለ የተሻለው መንገድ የተለጠፈውን ሰርዞ እንደገና መጀመር ነው። መጀመሪያ ባዶውን ዓምድ በ`Ctrl+1` ወደ `Text` መለወጥ፤ ከዚያ በቀኝ ክሊክ `Match Destination Formatting` በሚለው መለጠፍ። አሁን ሠላሳውም መስመር ከነዜሮው በግራ በኩል ይሰለፋል። ቀጥሎ ዓምዱን እንደመረጡ `Data` ውስጥ `Text to Columns` መክፈት፣ `Next` ሁለት ጊዜ መጫን፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ `Date` መርጦ ከጎኑ `DMY` ማድረግ፣ ከዚያ `Finish`። `DMY` ማለት ጽሑፉ የተጻፈበት ቅደም ተከተል ቀን፣ ወር፣ ዓመት ነው ማለት ነው። ኤክሴል ከዚህ በኋላ በግምት አይሠራም።

ዋናው ዝርዝር ከጠፋስ? ቀኖቹ `A2` ላይ የሚጀምሩ ከሆነ አጠገባቸው ባለው ባዶ ዓምድ ይህን መጻፍ ይቻላል፦

```
=IF(ISNUMBER(A2),
DATE(YEAR(A2),DAY(A2),MONTH(A2)),
DATE(RIGHT(A2,4),MID(A2,4,2),LEFT(A2,2)))
```

ሴሉ ቀን ሆኖ ከተቀመጠ ፎርሙላው ቀኑንና ወሩን መልሶ ያቀያይራል፤ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ቁርጥራጮቹን አንስቶ በትክክለኛው ቦታ ይሰካል። ነገር ግን የሚሠራው ሁሉም መስመር በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ከተለጠፈ ነው። በመካከሉ በእጅ በትክክል የተጻፈ ቀን ካለ ያንንም ይገለብጠዋል።

ከድረ ገጽ የተወሰደ ጽሑፍ አንዳንዴ ይህንንም እምቢ ይላል። ያኔ `=LEN(A2)` ማየት ነው። 13/04/2024 አሥር ምልክት ነው፤ መልሱ 11 ከሆነ የማይታይ ክፍት ቦታ ተጣብቆበታል። ብዙ ጊዜ `=SUBSTITUTE(A2,CHAR(160),"")` ያላቅቀዋል።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። የኤክሴል የቀን ቁጥር የተሠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ጳጉሜን አያውቅም። ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. 30/02/2017 ተብሎ ሲጻፍ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለምና። ጳጉሜ 5 ቀን 2016፣ ማለትም 05/13/2016፣ የአሜሪካን ልማድ በሚከተል ኮምፒውተር ላይ ሜይ 13 ይሆናል። ስሌቱም አብሮ ይበላሻል። ከነሐሴ 30 ቀን 2016 እስከ መስከረም 1 ቀን 2017 ስድስት ቀን ነው፤ ቀንን በሚያስቀድም ልማድ በተዘጋጀ ኮምፒውተር ላይ ግን ኤክሴል 01/01/2017 ላይ 30/12/2016ን ሲቀንስ በልበ ሙሉነት 2 ይላል። የኪራይ ቅጣት ወይም የዕረፍት ቀን በዚህ ሲሰላ አራት ቀን ከአንድ ሰው ላይ ይቆረጣል።

ስለዚህ የኢትዮጵያን ቀን ኤክሴል ቀን አድርጎ እንዲይዘው አለመፍቀድ ይሻላል። ዓምዱን አስቀድሞ `Text` ማድረግ፣ ከዚያ ዓመቱን አስቀድሞ 2016-12-30 እያሉ መጻፍ። የቀን ልዩነት ማስላት ካስፈለገ በሌላ ዓምድ የፈረንጆቹን ቀን ጎን ለጎን መያዝ ያስፈልጋል። ዝርዝሩ በቅደም ተከተል ሲደረደር ግን ጽሑፍ መሆኑ ምንም አይጎዳም፦ 2016-13-05 ከ2016-12-30 ቀጥሎ፣ ከ2017-01-01 በፊት በቦታው ይቀመጣል።